በወር አስር በመቶ በዓመት ስንት ነው? በአስራ ሁለት ማባዛት የሚደብቀው ዕዳ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በገበያም በሰፈርም የአራጣ ብድር ሲነሳ ዋጋው የሚነገረው በወር ነው። «በወር አስር በመቶ» ይባላል። ሰሚው በልቡ በአስራ ሁለት ያባዛና «በዓመት መቶ ሃያ በመቶ ማለት ነዋ» ይላል። መቶ ሃያ በመቶ ብቻውን የሚያስደነግጥ ነው፤ ቢሆንም ትክክለኛው መልስ እሱ አይደለም። ዕዳው ሳይከፈል ከወር ወደ ወር ከተሻገረ፣ በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 213.84 በመቶ ማለት ነው። በዚህ እትም ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣና በስልካችን ካልኩሌተር እንዴት እንደምናሰላው እናያለን።

ሪባ ሐራም መሆኑን ለማወቅ ካልኩሌተር እንደማያስፈልግ ግልጽ ነው። አንድ በመቶም ሆነ መቶ በመቶ ብይኑ አንድ ነው። ሂሳቡ የሚያስፈልገን በሌላ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን በቤተሰባችን ወይም በጎረቤታችን መካከል ለሱቅ ዕቃ፣ ለሕክምና ወይም ለጉዞ ብሎ በአራጣ የተበደረ ሰው እናውቃለን። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ አስላልኝ» ተብሎ የሚሰጠን ወረቀት አለ። ያ ሰው የሚጠብቀው ትልቅ ውሳኔ ነው፤ አሁን ከብቱን ሸጦ ከዕዳው ይውጣ ወይስ እስከ ዓመት ይጠብቅ? በአስራ ሁለት አባዝተን ከመለስንለት ዕዳውን በጣም አሳንሰን አሳየነው ማለት ነው።

ወሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ መስከረም 1 ቀን 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ተበደረ እንበል። ውሉ የአንድ ወር ነው። ጥቅምት 1 ሲደርስ 11,000 ብር መመለስ አለበት። ገንዘቡ ግን በዕቃ ላይ ስለዋለ እጁ ባዶ ነው። አበዳሪው «ችግር የለም፣ ለሚቀጥለው ወር እናሸጋግረው» ይለውና አዲስ ወረቀት ይጻፋል። አዲሱ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ዋና ገንዘብ 10,000 ሳይሆን 11,000 ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሁለተኛው ወር አስር በመቶ የሚታሰበው በ11,000 ላይ ስለሆነ ጭማሪው 1,100 ብር ይሆናል። ኅዳር 1 ዕዳው 12,100 ነው። ታኅሣሥ 1 ደግሞ 1,210 ተጨምሮ 13,310 ይደርሳል። በየወሩ የሚጨመረው ብር ራሱ እያደገ ይሄዳል። ግንቦት 1፣ ማለትም ስምንተኛው ወር ሲሞላ፣ ዕዳው 21,435.89 ብር ሆኖ ከእጥፍ አልፏል። አስራ ሁለቱ ወራት አልቀው ጳጉሜን 1 ሲመጣ 31,384.28 ብር ሆኗል።

ሰውየው የወሰደው 10,000 ነው። ከዚያ በላይ ያለው 21,384.28 ብር ወለድ ነው። ወለዱን ለዋናው ስናካፍለው 213.84 በመቶ እናገኛለን። በአስራ ሁለት ያባዛነው ሂሳብ ግን 12,000 ብር ወለድ ብቻ ነበር የነገረን። የተደበቀው 9,384.28 ብር ነው፤ ይህም ከተበደረው ዋና ገንዘብ ጋር ለመተካከል ጥቂት የቀረው ነው።

የጎደለው ብር የት ነበር?

በአስራ ሁለት ማባዛት በውስጡ አንድ ያልተነገረ ግምት አለው። አስር በመቶው በየወሩ የሚታሰበው ሁልጊዜ በመጀመሪያው 10,000 ላይ ነው ብሎ ያስባል። በዚህ አስተሳሰብ በየወሩ 1,000 ብር ይመጣና ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያው መጠን ይቆያል። በእውነተኛው ውል ውስጥ ግን ያ 1,000 ብር ወደ ጎን አይቀመጥም። ከዋናው ጋር ተደባልቆ እሱም በየወሩ አስር በመቶ ይጨመርበታል። ወለዱ ራሱ ይወልዳል።

አስራ ሁለቱን ሺህዎች ለያይተን ብንከተላቸው ነገሩ ይበልጥ ይታያል። በመጀመሪያው ወር የተጨመረው 1,000 ብር አስራ አንድ ወራት ይቀሩታል። በእነዚያ ወራት ውስጥ አድጎ ጳጉሜን 1 ላይ 2,853.12 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ወር የመጣው ሺህ አስር ወራት ስለሚቀሩት 2,593.74 ይደርሳል። የኋለኞቹ የሚያድጉበት ጊዜ እያነሰ ይሄድና የመጨረሻው ወር ሺህ እዚያው 1,000 ሆኖ ይቀራል። አስራ ሁለቱን ስንደምር 21,384.28 እናገኛለን። በአስራ ሁለት ማባዛት ማለት ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻውን ብቻ አይቶ «ሁሉም እንደዚህ ናቸው» እንደማለት ነው።

እንዴት እናሰላዋለን?

ወር በወር ዕዳው በ1.1 ይባዛል። አንዱ የተበደረው ነው፣ ነጥብ አንዱ ደግሞ ጭማሪው። ስለዚህ ለአስራ ሁለት ወር 1.1ን በራሱ አስራ ሁለት ጊዜ እናባዛለን፤ ከዚያ ዋናውን ለመቀነስ 1 እናወጣለን። የወሩን ምጣኔ r ብንለው ቀመሩ ይህ ነው፦

```
(1 + r)^12 - 1
```

እዚህ ላይ r የሚጻፈው በአስርዮሽ ነው። 10 በመቶ 0.10 ነው፣ 5 በመቶ 0.05 ነው። በኤክሴል ለምሳሌያችን የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
=(1+0.10)^12-1
```

መልሱ 2.1384 ይሆናል፤ በመቶ ስናባዛው 213.84 በመቶ።

የፓወር ቁልፍ የሌለው ተራ ካልኩሌተርም ይበቃል። 1.1ን በራሱ ስናባዛ 1.21 ይሰጠናል፤ ይህ የሁለት ወር ነው። 1.21ን በራሱ ስናባዛ 1.4641 ይሆናል፤ የአራት ወር ነው። 1.4641ን እንደገና በራሱ ስናባዛ 2.14358881 እናገኛለን፤ የስምንት ወር ነው። ስምንትና አራት አስራ ሁለት ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ 2.14358881ን በ1.4641 እናባዛለን። 3.1384 ይመጣል። አንዱን ስንቀንስ ያው 2.1384 ነው። በአራት ማባዛት ብቻ ጨረስን ማለት ነው። በመሀል ያሉትን አስርዮሾች አስቀድሞ መቁረጥ መልሱን ስለሚያዛባ እስከ መጨረሻው እንዳሉ እንተዋቸው።

መልሱ ልክ መሆኑን የምናውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ትክክለኛው ዓመታዊ መጠን ምንጊዜም በአስራ ሁለት ከተባዛው ይበልጣል። ካነሰ አንድ ነገር ተሳስቷል። 313 በመቶ ካገኘን ደግሞ መጨረሻ ላይ 1 መቀነሱን ረስተናል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል ነው?

አይደለም። የወሩ ምጣኔ ትንሽ ሲሆን ወለዱ የሚወልደው ወለድም ትንሽ ነው፤ ምጣኔው ሲያድግ ግን ክፍተቱ ከእሱ ይበልጥ በፍጥነት ይሰፋል።

- በወር 1 በመቶ፦ ሲባዛ 12፣ ትክክለኛው 12.68 በመቶ
- በወር 3 በመቶ፦ ሲባዛ 36፣ ትክክለኛው 42.58 በመቶ
- በወር 5 በመቶ፦ ሲባዛ 60፣ ትክክለኛው 79.59 በመቶ
- በወር 10 በመቶ፦ ሲባዛ 120፣ ትክክለኛው 213.84 በመቶ

በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ልዩነት ከአንድ በመቶ ያነሰ ስለሆነ «ምን ያደርጋል» ያሰኛል። ሰዎች በአስራ ሁለት ማባዛትን የለመዱት በእንደዚህ ያለ ትንሽ ምጣኔ ላይ ብዙ ስለማይጎዳቸው ነው። ያው ልማድ ወደ አራጣ ሲሻገር ግን ግማሽ የሚጠጋውን ወለድ ያስረሳል።

ሌላም ነገር አለ። አበዳሪው የሚቆጥረው በ30 ቀን ከሆነ ዓመቱ ጳጉሜን 1 ላይ አላለቀም። የጳጉሜን ቀናት ሲታከሉ 365 ቀን ውስጥ ያሉት የ30 ቀን ዙሮች ከአስራ ሁለት በጥቂቱ ይበልጣሉ። በዚህ አቆጣጠር በወር 10 በመቶ የሆነው ወደ 219 በመቶ ይጠጋል።

ቀድሞ የሚቆረጥ «የአገልግሎት ክፍያ»

ወለድ የሚለው ቃል ባይጻፍም ሂሳቡ ያው የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። አንድ ሰው በስልኩ ለ30 ቀን 1,000 ብር ይበደራል እንበል። 60 ብር «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ከላዩ ይቆረጥና እጁ ላይ 940 ብር ይደርሳል። በወሩ መጨረሻ 1,000 ብር ይመልሳል።

ብዙዎቻችን ይህን 6 በመቶ እንለዋለን። ነገር ግን ሰውየው ያገኘው 940 እንጂ 1,000 አይደለም። 60ን ለ940 ስናካፍል 6.38 በመቶ ይሆናል። ይህን በየወሩ በተመሳሳይ መንገድ ቢያሸጋግረው በዓመት 110 በመቶ ይደርሳል። በአስራ ሁለት ያባዛ ሰው ግን 72 በመቶ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ከማስላታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ በእርግጥ እጅ ላይ የገባው ስንት ነው? የሚመለሰውስ ስንት ነው? ልዩነቱን እጅ ላይ ለገባው ካካፈልን፣ ስሙ ወለድም ይባል ክፍያ፣ የወሩ እውነተኛ ምጣኔ ይወጣል።

የጃሂሊያ ዘመን ውል

የተፍሲር ሊቃውንት በጃሂሊያ ዘመን የነበረውን ሪባ ሲያብራሩ አንድ የታወቀ አሠራር ያነሳሉ። የዕዳው ቀን ሲደርስ አበዳሪው ተበዳሪውን ወይ እንዲከፍል ወይ እንዲጨምር ይጠይቀዋል። መክፈል ካልቻለ ጊዜው ይራዘምለትና ዕዳው ይጨመርበታል። በሚቀጥለው ቀነ ገደብም ያው ጥያቄ ይመለሳል። ከላይ ያየነው የባለሱቁ ወረቀት ከዚህ የተለየ አይደለም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 130ኛው አንቀጽ ላይ ሪባ እጥፍ ድርብ ሆኖ እየተባዛ መብላቱ የተወገዘበትን አነጋገር በዚህ ዓይን ስናየው፣ በምሳሌያችን ዕዳው በስምንተኛው ወር ከእጥፍ፣ በአስራ ሁለተኛው ወር ደግሞ ከሦስት እጥፍ እንዳለፈ እናስተውላለን። ዑለማዎች እንዳብራሩት ይህ አንቀጽ የነበረውን አስከፊ ልማድ ይገልጻል እንጂ ያልተጣጠፈውን ሪባ አይፈቅድም።

ዕዳውን እንዲህ የሚያሳድገው መሸጋገሩ ነው፤ ይህን በሙራበሓ ሽያጭ ጎን ስናየው ይበልጥ ይገባናል። ሻጩ በ10,000 ብር የገዛውን ዕቃ ዋጋውንና ትርፉን አሳውቆ በ11,500 ብር በዓመት ዱቤ ቢሸጥ፣ ዋጋው በውሉ ቀን ተቆርጧል። ገዢው አንድ ወር ቢዘገይ ሻጩ ዕዳውን አድሶ 11,500 ላይ ትርፍ ሊጨምር አይችልም። ዕዳው 11,500 እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ ከላይ ያለው የፓወር ቀመር እዚህ ቦታ የለውም፤ ወደሚቀጥለው ወር ተሸጋግሮ የሚወልድ ነገር የለምና። በተቃራኒው «ሙራበሓ» ተብሎ በዘገየ ቁጥር ዋጋው ለሻጩ ጥቅም የሚያድግ ውል ካየን፣ ስሙን ትተን ሂሳቡን ማየትና ዓሊም መጠየቅ ይገባናል።

በየወሩ ወለዱን የሚከፍለውስ?

«የእኛ ሰው እኮ በየወሩ 1,000 ብሩን ይከፍላል፤ ዕዳው አያድግበትም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ዕዳው 10,000 ላይ ይቆያል፤ ከኪሱ የወጣው ወለድም 12,000 ብር ነው። የብሩ ድምር በአስራ ሁለት ከተባዛው ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ያ 12,000 በዓመቱ መጨረሻ የወጣ አይደለም። የመጀመሪያው ሺህ ከእጁ የወጣው ጥቅምት 1 ነው። ያ ገንዘብ ለአስራ አንድ ወራት ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሊሆን ይችል ነበር። አሁን ግን አበዳሪው ለሌላ ሰው በዚያው ምጣኔ ያበድረዋል። ስለዚህ አበዳሪው በዓመቱ መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ ያው 31,384.28 ነው፤ ልዩነቱ የወለዱን ወለድ የሚከፍለው ሌላ ተበዳሪ መሆኑ ነው።

ከብቱ አሁን ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

አሁን ወረቀቱን ወደሰጠን ሰው ጥያቄ እንመለስ። ባለሱቁ ታኅሣሥ 1 ላይ 13,310 ብር ዕዳ አለበት። አንድ በሬ ቢሸጥ 8,000 ብር ያገኛል እንበል። አበዳሪው በከፊል መክፈልን ከተቀበለና 8,000ውን ከከፈለ 5,310 ብር ይቀራል። ይህ ቀሪ ዘጠኝ ወር ቢቆይ በ1.1 ዘጠኝ ጊዜ ይባዛል፤ ማለትም በ2.3579። ጳጉሜን 1 ላይ 12,520.70 ብር ይሆናል። ባይሸጥ ኖሮ 31,384.28 ነበር። በታኅሣሥ የተከፈለው 8,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ 18,863.58 ብር አስቀረ ማለት ነው። እያንዳንዱ አንድ ብር ሁለት ብር ከሠላሳ ስድስት ሳንቲም ያህል ዕዳ ገደለ።

በሬው በዘጠኝ ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዋጋ ካላወጣ በቀር፣ በአራጣ ዕዳ ላይ መቆየት አያዋጣም። በአስራ ሁለት ያባዛ ሰው ግን «በዓመቱ መጨረሻ 22,000 ነው፤ ደርሰን እንሸጣለን» ብሎ ሊወስን ይችላል። የ9,384 ብሩ ስህተት ያን ጊዜ በሌላ በሬ ይከፈላል።

ዘመድ ወይም ጀመዓ በቀርድ ሐሰን ሊደርስለት ካሰበም ይኸው ሂሳብ ይሠራል። ያው 8,000 ብር ሐምሌ 1 ቢመጣ ሁለት ወር ብቻ ስለሚቀር የሚያስቀረው 9,680 ብር ነው፤ ታኅሣሥ 1 ቢመጣ ግን 18,863.58። ስለዚህ ቀርዱን መሰብሰብ የሚያስፈልገው ዕዳው ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ወረቀቱ ውስጥ ስላለው ሐራም፣ ስለ ተውበቱና ስለ ቀሪው ክፍያ የሚነሳው ጥያቄ የዓሊሞች ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎ ስለሚቀጣ ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ቁጥሩን ሳናሳንስ ማሳየት ነው፦ እጅ ላይ የገባውን መጠየቅ፣ የወሩን ምጣኔ ከዚያ ማውጣት፣ ከዚያም በአስራ ሁለት ሳይሆን አስራ ሁለት ጊዜ ማባዛት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።